ሰማያዊው ጽሑፍ ማስፈንጠሪያ አይደለም፦ ስላይድ ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየር የሚጠፋውና የሚተርፈው

ለአንድ ሥልጠና ያዘጋጀሁትን አሥራ ስምንት ስላይድ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሬ ለተሳታፊዎቹ ከመላኬ በፊት በራሴ ኮምፒውተር ከፍቼ አየሁት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለውን የድረ ገጽ አድራሻ ጠቅ ሳደርገው አሳሹ ተከፈተ፤ ገጹም መጣ። አንዱ ከሠራ ሌሎቹም ይሠራሉ ብዬ ፋይሉን ላክሁት። በማግስቱ ጠዋት መልእክት በመልእክት ላይ ተደራረበ። አንዱ “የምዝገባ ቅጹ አይከፈትም” ይላል። ሌላዋ “ካርታውን ብነካው ምንም አይመጣም” ትላለች። ሦስተኛው ደግሞ “መመሪያው ያለበት አድራሻ ‘ገጹ አልተገኘም’ ይለኛል” ሲል ጻፈ። ከአሥራ አንዱ ማስፈንጠሪያዎች ውስጥ ለሁሉም ሰው የሠራ አንድም አልነበረም።

ነገሩን ስመረምረው ያገኘሁት ምክንያት ከጠበቅሁት የተለየ ነበር። ፋይሉ ውስጥ ማስፈንጠሪያ የሚባል ነገር ጭራሽ አልነበረም። እኔ ጠቅ ያደረግሁትና የተከፈተልኝ አድራሻ እንኳን ማስፈንጠሪያ አልነበረውም፤ የከፈተልኝ የማንበቢያው ፕሮግራም ግምት ነው። ብዙ ሰው ስላይዱን ፈትሾ፣ “ይሠራል” ብሎ ልኮ፣ በኋላ የሚያፍረው በዚህ ምክንያት ስለሆነ ጉዳዩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

ማስፈንጠሪያው የተቀመጠበት ቦታ

ፓወርፖይንት ወይም ጎግል ስላይድስ ውስጥ “የምዝገባ ቅጽ” የሚለውን ሐረግ መርጠን አድራሻ ስንሰጠው፣ አድራሻው ከሐረጉ ጋር የተጣበቀ ይመስለናል። በስላይዱ ፋይል ውስጥ እውነትም እንደዚያ ነው። ፒዲኤፍ ግን የተሠራው በሌላ መንገድ ነው። በፒዲኤፍ ገጽ ላይ ጽሑፉ ራሱን ችሎ ይሳላል፤ ሰማያዊ ቀለሙም ከሥሩ የተሰመረው መስመርም የሥዕሉ አካል ናቸው። ማስፈንጠሪያው ግን ከገጹ በላይ የሚነጠፍ፣ ዓይን የማያየው አራት ማዕዘን ነው። በፋይሉ ውስጥ ይህን ይመስላል፦

```
<< /Type /Annot
   /Subtype /Link
   /Rect [120 300 420 336]
   /Border [0 0 0]
   /A << /S /URI
         /URI (https://example.org/form) >>
>>
```

`/Rect` የሚለው የአራት ማዕዘኑን ሁለት ተቃራኒ ጫፎች ይናገራል። የሚለካው በነጥብ ነው፤ 72 ነጥብ አንድ ኢንች ይሆናል፤ ቆጠራውም ከገጹ ታችኛ ግራ ጥግ ይጀምራል። እዚህ ያለው አራት ማዕዘን ወርዱ 300፣ ቁመቱ 36 ነጥብ ነው። `/Border [0 0 0]` በዙሪያው ክፈፍ እንዳይሰመር ያደርጋል። `/URI` ደግሞ ሲነካ የሚከፈተው አድራሻ ነው። ከሥሩ ምን ቃል እንደተጻፈ አራት ማዕዘኑ አያውቅም፤ ቃሉም በላዩ ምን እንደተነጠፈ አያውቅም።

ይህን የተረዳ ሰው ቀሪውን በራሱ ሊደርስበት ይችላል። ስላይዱን ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይረው ፕሮግራም አራት ማዕዘኖቹን ካልጻፈ፣ ሰማያዊው ቀለምና ሰረዙ እንዳሉ ሆነው ማስፈንጠሪያው ብቻ ይጠፋል። ገጹን በዓይን አይቶ ልዩነቱን መለየት አይቻልም።

የእኔ ፋይል የጠፋበትም መንገድ ይኸው ነው። ስላይዱን ያወጣሁት በህትመት ትእዛዝ ነበር፤ ማተሚያ መሣሪያ በሚመረጥበት ቦታ `Microsoft Print to PDF` የሚለውን መርጬ። ይህ ምርጫ ለኮምፒውተሩ እንደ ማንኛውም ማተሚያ ነው። የስላይድ ፕሮግራሙ ለማተሚያ የሚልከው “እዚህ ቦታ ይህን ፊደል ሣል፣ እዚህ ይህን ምስል አስቀምጥ” የሚል የሥዕል ትእዛዝ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ጠቅ ስለማይደረግ ማስፈንጠሪያ ለማተሚያ የሚላክበት ምክንያት የለም። በማተሚያው በር የሚያልፈው ሥዕል ነው፤ አራት ማዕዘኖቹ ከበሩ ወዲያ ማዶ ይቀራሉ።

ስለዚህ መንገዱ ህትመት ሳይሆን “ወደ ውጭ መላክ” ወይም “በሌላ ዓይነት ማስቀመጥ” መሆን አለበት። በፓወርፖይንት `File > Export > Create PDF/XPS Document`፣ በጎግል ስላይድስ `File > Download > PDF Document (.pdf)`፣ በሊብሬኦፊስ ኢምፕረስ `File > Export As > Export as PDF...`፣ በኪኖት `File > Export To > PDF...` ነው። በእነዚህ መንገዶች ፒዲኤፉን የሚጽፈው ስለ ማስፈንጠሪያዎቹ የሚያውቀው ፕሮግራም ራሱ ነው።

“አትም” የሚል ትእዛዝ ሁሉ ግን ማስፈንጠሪያ ያጠፋል ማለት አይደለም። ክሮም አሳሽ ውስጥ አንድን ድረ ገጽ ለማተም ብለን `Save as PDF` ብንመርጥ ማስፈንጠሪያዎቹ ይተርፋሉ፤ ምክንያቱም ይህ ምርጫ በህትመት መስኮት ውስጥ ቢቀመጥም ፒዲኤፉን የሚጽፈው አሳሹ ራሱ ነው። ወሳኙ የትእዛዙ ስም ሳይሆን ፋይሉን የሚጽፈው ማን ነው የሚለው ነው።

የሚያታልለው ፈተና

አሁን ወደ ሦስተኛው ገጽ እንመለስ። ማስፈንጠሪያ ከሌለ አሳሹ እንዴት ተከፈተልኝ?

ሦስተኛው ገጽ ላይ የተጻፈው `https://example.org` ዓይነት ግልጽ አድራሻ ነበር። በርካታ ማንበቢያዎች የገጹን ጽሑፍ እያነበቡ አድራሻ የሚመስል ነገር ሲያገኙ ራሳቸው ማስፈንጠሪያ ያደርጉታል። አክሮባት ሪደር ውስጥ ይህ ባሕርይ `Preferences > General` ሥር `Create links from URLs` በሚል ስም ተቀምጧል። የክሮም ማንበቢያም ይህንኑ ያደርጋል። ለአንባቢ ቸርነት ነው፤ ለፈታሽ ግን ወጥመድ ይሆናል። ፋይሉ ውስጥ የሌለውን ነገር እንዳለ አስመስሎ ያሳያልና።

ግምቱ የት ላይ እንደሚሰበር የሦስተኛው ተሳታፊ ቅሬታ ያሳያል። ዘጠነኛው ስላይድ ላይ የነበረው አድራሻ ረጅም ስለሆነ በሁለት መስመር ተጽፎ ነበር፦

```
https://example.org/reports/training/
participants-guide
```

ማስፈንጠሪያው በቦታው ቢኖር ኖሮ ጽሑፉ በስንት መስመር ቢከፈል ግድ አይሰጠውም ነበር፤ ሙሉው አድራሻ የተጻፈው በአራት ማዕዘኑ ውስጥ ነውና። ማንበቢያው ግን የሚያየው የመጀመሪያውን መስመር ነው። እሱን ብቻ አድራሻ ብሎ ወሰደ፤ `participants-guide` የሚለው ተቆርጦ ቀረ፤ ድረ ገጹም እንዲህ ያለ ገጽ የለኝም አለ። ተሳታፊው የተበላሸው ድረ ገጹ መስሎት ነበር። እኔም መጀመሪያ ያሰብሁት እንደዚያው ነው፤ ግማሽ ሰዓት የፈጀሁት ድረ ገጹን በመመርመር ነበር።

ከዚህ የሚወጣው የፈተና ደንብ ቀላል ነው። አድራሻ የሚመስል ጽሑፍ ጠቅ አድርጎ መፈተን ስለ ፋይሉ ምንም አይነግርም። መፈተን ያለበት “የምዝገባ ቅጽ” እንደሚለው ያለ፣ አድራሻ የማይመስል ሐረግ ወይም ምስል ነው። እሱ ከሠራ አራት ማዕዘኑ በእርግጥ አለ። በአክሮባት ሪደር የሚፈትን ሰው ደግሞ `Create links from URLs` የሚለውን አጥፍቶ ፋይሉን እንደገና ይክፈት፤ ያን ጊዜ የሚያየው ፋይሉን እንጂ የማንበቢያውን ግምት አይሆንም።

ከዚህም የተሻለ መንገድ አለ፤ ፋይሉን ራሱን መጠየቅ። ፖፕለር ከሚባለው የነጻ መሣሪያዎች ስብስብ ጋር የሚመጣው `pdfinfo` በአዳዲስ እትሞቹ ይህን ትእዛዝ ይቀበላል፦

```
pdfinfo -url slides.pdf
```

የዚህ ትእዛዝ ጥቅሙ በጽሑፉ ውስጥ ያለውን አድራሻ አለመፈለጉ ነው። የሚዘረዝረው በአራት ማዕዘኖቹ ውስጥ የተጻፉትን አድራሻዎች ብቻ ነው። በህትመት መንገድ ያወጣሁትን ፋይል ስጠይቀው ከአምዶቹ ርእስ በስተቀር አንድም መስመር አላመጣም። ስላይዱን በትክክለኛው መንገድ እንደገና አውጥቼ ስጠይቀው ግን ይህን ሰጠኝ፤ የአድራሻዎቹን ስም ለዚህ ጽሑፍ ቀይሬዋለሁ፦

```
Page  Type          URL
   3  Annotation    https://example.org/
   6  Annotation    https://example.org/form
   9  Annotation    https://example.org/reports/training/participants-guide
   9  Annotation    https://example.org/reports/training/participants-guide
  11  Annotation    https://example.org/map
  13  Annotation    file:///C:/Users/user/Documents/list.xlsx
  16  Annotation    https://example.org/%E1%88%B0%E1%88%8B%E1%88%9D
```

ዝርዝሩን መስመር በመስመር ማንበብ

ስላይዴ ውስጥ ወደ ውጭ የሚወስዱ ማስፈንጠሪያዎች ስድስት ነበሩ፤ ዝርዝሩ ግን ሰባት መስመር አለው። ዘጠነኛው ገጽ ሁለት ጊዜ መጥቷል። ስሕተት አይደለም፤ አድራሻው በሁለት መስመር ስለተጻፈ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ አራት ማዕዘን ተሠርቶለታል። ሁለቱም ሙሉውን አድራሻ ይዘዋል፤ አንባቢው የላይኛውን መስመር ቢነካ የታችኛውን፣ የሚደርሰው አንድ ቦታ ነው። ከሁለቱ አንዱ አጥሮ ቢገኝ ግን አንዱ መስመር ሲነካ ይሠራል፣ ሌላው አይሠራም፤ እንዲህ ያለውን ጉድለት በዓይን ለመያዝ በጣም ያስቸግራል። ስለዚህ ረጅም አድራሻ ስላይድ ላይ እንዳለ ከመለጠፍ ይልቅ አጭር ሐረግ ጽፎ አድራሻውን ከሥሩ መስጠት ይመረጣል።

ከአሥራ አንደኛው ገጽ ቀጥሎ የገጽ ቁጥሮቹ መንሸራተታቸውን ልብ በሉ። የኤክሴል ሰንጠረዡ በስላይዱ ላይ አሥራ አራተኛው ላይ ነበር፤ በፒዲኤፉ ግን አሥራ ሦስተኛው ሆኗል። ምክንያቱ አሥራ ሁለተኛው ስላይድ በማቅረቢያ ጊዜ እንዳይታይ የተደበቀ መሆኑ ነው። ፒዲኤፉ ያለ እሱ በአሥራ ሰባት ገጽ ወጣ። ይህ ብቻውን ጉዳት አልነበረውም። ጉዳቱ ሁለተኛው ስላይድ ላይ ካለው ማውጫ ነው። ማውጫው ወደ አምስት ክፍሎች የሚወስዱ የውስጥ ማስፈንጠሪያዎች ነበሩት፤ አንደኛው የሚወስደው ወደዚያ ወደ ተደበቀው ስላይድ ነበር።

የውስጥ ማስፈንጠሪያ በፒዲኤፍ ውስጥ የሚያመለክተው የድር አድራሻን ሳይሆን አንድን ገጽ ነው። ገጹ ፋይሉ ውስጥ ከሌለ የሚያርፍበት የለውም። በመድረክ ላይ ስናቀርብ ግን የተደበቀ ስላይድ በማስፈንጠሪያ ስለሚከፈት ችግሩ አይታየንም፤ እንዲያውም ብዙ አቅራቢዎች ተጨማሪ ማብራሪያን የሚደብቁት ጥያቄ ሲመጣ በማስፈንጠሪያ ሊከፍቱት ብለው ነው። ፓወርፖይንት ፒዲኤፍ ሲያወጣ በ`Options` መስኮት ውስጥ የተደበቁትንም ለመጨመር የሚያስችል ምርጫ አለው። እኔ ያደረግሁት ስላይዱን ከመደበቅ አውጥቼ ወደ መጨረሻው መውሰድ ነው።

`pdfinfo -url` የውስጥ ማስፈንጠሪያዎችን እንደማይዘረዝርም ማወቅ ያስፈልጋል፤ የሚያሳየው የድርና መሰል አድራሻዎችን ነው። ስለዚህ ማውጫው ላይ ያሉትን አምስቱንም አንድ በአንድ በእጅ መንካት ነበረብኝ። “ወደ ቀጣዩ ስላይድ” እና “ወደ መጀመሪያው” የሚሉት ቁልፎች ቋሚ ገጽ ስለሚያመለክቱ ትርጉም ይኖራቸዋል። “መጨረሻ ወዳየሁት ስላይድ መልሰኝ” ወይም “ማቅረቢያውን ዝጋ” የሚሉት ግን የማቅረቢያው ፕሮግራም ትእዛዞች ናቸው። በፒዲኤፍ እንዲሠሩ መጠበቅ አይገባም፤ ከማውጣት በፊት ከስላይዱ ቢነሡ ይሻላል።

አሥራ ሦስተኛው ገጽ ደግሞ ከሁሉ የከፋውን ይዟል። `file:///C:/Users/...` ብሎ የሚጀምር አድራሻ በእኔ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፋይልን ያመለክታል። እኔ ስፈትነው ይከፈታል፤ ፋይሉ እኔ ዘንድ ስላለ። ለሌላው ሰው የሌለ መንገድ ነው። ከዚያም በላይ የተጠቃሚ ስሜንና የሰነዶቼን አቀማመጥ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ይገልጣል። ይህን ስሕተት በራስ ኮምፒውተር የሚደረግ የትኛውም ፈተና አይይዘውም፤ ዝርዝሩን በማንበብ ወይም በሌላ ሰው መሣሪያ በመክፈት ብቻ ይያዛል። መፍትሔው ሰንጠረዡን ሰው ሊደርስበት ወደሚችል የድር ቦታ ሰቅሎ በ`https://` የሚጀምረውን አድራሻ መስጠት ነው። ሲሰቀልም የማየት ፈቃዱ ለተቀባዮቹ መሰጠቱን ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ ማስፈንጠሪያው በትክክል ሠርቶ የሚያደርሰው የተዘጋ በር ላይ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ጉድለት አለ። አድራሻው መነሻውን አጥቶ `www.example.org` ብቻ ሆኖ ቢጻፍ፣ አንዳንዱ ማንበቢያ የድር አድራሻ መሆኑን ገምቶ ይከፍተዋል፤ ሌላው ግን ከፒዲኤፉ ጎን የተቀመጠ ፋይል ስም ነው ብሎ ይፈልገዋል። በዝርዝሩ ላይ `https://`፣ `http://` ወይም `mailto:` የሌለበት መስመር ከታየ ወደ ስላይዱ ተመልሶ ማስተካከል ነው።

የመጨረሻው መስመር ለእኛ ለግዕዝ ፊደል ተጠቃሚዎች የቀረበ ጉዳይ ነው። ያ የፐርሰንት ምልክት የበዛበት አድራሻ መጨረሻው `ሰላም` የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የፒዲኤፍ ዓለም አቀፍ ደረጃ የማስፈንጠሪያ አድራሻ በተራ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ብቻ እንዲጻፍ ይጠይቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በሦስት ጥንድ ይተካል፤ `ሰ` ብቻዋን `%E1%88%B0` ትሆናለች። የሦስት ፊደል ቃል ሃያ ሰባት ቁምፊ ይወስዳል። ያስቀይማል፤ ግን የሚሠራው ይህ ነው። አሳሹ ላይ በአማርኛ የሚታየውን አድራሻ ቀድተው ሲለጥፉት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መልክ ይመጣል፤ አይደንግጡ፣ ወደ አማርኛም ለመመለስ አይሞክሩ። በአማርኛ ፊደል እንዳለ ከተተወ ግን አንዱ ማንበቢያ በትክክል ይከፍተዋል፣ ሌላው አበላሽቶ ይልከዋል። ለአንባቢው ከላይ የሚታየው ሐረግ በአማርኛ ቢሆን በቂ ነው።

በየማንበቢያው ምን መፈተን አለበት?

ዝርዝሩም በእጅ የተነካው ማውጫም ትክክል ከሆኑ ፋይሉ ትክክል ነው ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ማንበቢያዎቹ በፋይሉ ላይ የሚያደርጉት ነው። እዚህ ላይ አሥር ፕሮግራም ማሰለፍ አያስፈልግም። የሚያስፈልጉት የተለያየ ጠባይ ያላቸው ሦስት ናቸው፦ አንድ የኮምፒውተር ማንበቢያ፣ አንድ አሳሽ፣ አንድ ስልክ።

አክሮባት ሪደር ማስፈንጠሪያ ሲነካ “ይህ ሰነድ ከዚህ ድረ ገጽ ጋር ሊገናኝ ነው” የሚል የማስጠንቀቂያ መስኮት ሊያወጣ ይችላል። ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም፤ የደኅንነት ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን መስኮቱን አይቶ የሚሸሽ ተቀባይ ብዙ ነው፤ ስለዚህ በመልእክቱ ላይ ማስጠንቀቂያ ሊመጣ እንደሚችልና የሚወስደው ወደ የትኛው ድረ ገጽ እንደሆነ አስቀድሞ መንገር ጥሩ ነው። አድራሻው የሚታወቅ ስም ከያዘ ሰው ይፈቅዳል። በአጭር ማድረጊያ አገልግሎት ያጠረ፣ ትርጉም የለሽ አድራሻ ከሆነ ግን መፍራቱ ትክክል ነው፤ በዚህ የተነሣ እኔ ስላይድ ላይ ያጠሩ አድራሻዎችን አልጠቀምም።

አሳሽ ላይ መታየት ያለበት ሌላ ነው። ማስፈንጠሪያው ስላይዱ በተከፈተበት በዚያው መስኮት ሊከፈትና ስላይዱን ሊተካው ይችላል። ተቀባዩ “ፋይሉ ጠፋብኝ” የሚለው ያን ጊዜ ነው። ይህን ከፒዲኤፉ ወገን ሆኖ ማስተካከል አይቻልም፤ ስላይዱ ላይ ማስፈንጠሪያ የበዛበት ገጽ ካለ ፋይሉን አውርደው እንዲከፍቱት መንገር ነው።

ስልክ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የማይታሰብ የልክ ችግር አለ፤ በቁጥር ልሞክረው። የተለመደው ሰፊ የፓወርፖይንት ስላይድ ወርዱ 13.33 ኢንች፣ ማለትም ወደ 34 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀጥ ተደርጎ የተያዘ ስልክ መስታወት ወርዱ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሁሉ ነገር ወደ አንድ አምስተኛ ያንሳል። በ12 ነጥብ ፊደል የተጻፈ የግርጌ ምንጭ ማስፈንጠሪያው ቁመቱ 14 ነጥብ ያህል፣ ማለትም 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስልኩ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሰው አውራ ጣት ያንን አይመታም። ሁለት እንዲህ ያሉ መስመሮች ከተደራረቡ ደግሞ አንዱን ሲሉ ሌላው ይከፈታል። ማስፈንጠሪያው ተበላሽቷል ተብሎ የሚላከው ቅሬታ ከፊሉ ይህ ነው።

መድኃኒቱ አድራሻውን ለቃሉ ከመስጠት ይልቅ ቃሉ ለተቀመጠበት ሣጥን መስጠት ነው። ቁመቱ 60 ነጥብ የሆነ ቁልፍ መሰል ሣጥን ስልክ ላይ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ስልኩን ወደ ጎን ሲያዞሩት ደግሞ ከዚያ እጥፍ ገደማ። የምዝገባ ቅጹን እንዲህ አድርጌ ከቀየርሁት ወዲህ “አልከፈት አለኝ” የሚል መልእክት አልመጣልኝም። ሣጥን ላይ የተሰጠ ማስፈንጠሪያ ግን ከቃል ላይኛው ይልቅ ሲወጣ የመጥፋት ዕድል ሊኖረው ስለሚችል፣ በተለይም ሣጥኑ ከሌሎች ጋር አብሮ የተቧደነ ከሆነ፣ መትረፉን በዝርዝሩ ላይ አይቶ ማረጋገጥ ይገባል።

በስልክ ሌላም ጉዳይ አለ። በመልእክት መላላኪያ መተግበሪያ ውስጥ ፋይሉ ሳይወርድ የሚታየው የመጀመሪያ ገጽ ምስል ብቻ ሊሆን ይችላል። አራት ማዕዘኖቹ እዚያ የሉም። ተቀባዩ ምስሉን እየነካ ይጠብቃል። ፈተናው መደረግ ያለበት ስለዚህ ከኮምፒውተሩ ወደ ስልክ በገመድ በተገለበጠ ፋይል ሳይሆን ተቀባዮቹ በሚያገኙበት በዚያው መንገድ በተላከው ላይ ነው።

ከወጣ በኋላ የሚደርስበት

በትክክል የወጣ ፒዲኤፍ ከዚያ በኋላ ስንት እጅ ያልፋል። አንዱ መጠኑን ለመቀነስ ይጨምቀዋል፤ ሌላው ከሌሎች ጋር ያጣምረዋል፤ ሌላው ጥቂት ገጽ ብቻ ቀንሶ ያወጣል። ገጹን ብቻ ወስደው ከላዩ ያለውን የሚጥሉ መሣሪያዎች አሉ። ለምሳሌ ላቴክ በሚባለው የሰነድ ማዘጋጃ ውስጥ በ`pdfpages` ጥቅል የገባ ፒዲኤፍ ማስፈንጠሪያዎቹን ያጣል። ፒዲኤፍን ከፍቶ በማተሚያ መንገድ እንደገና ወደ ፒዲኤፍ ማተምም እንደ መጀመሪያው ስሕተት ሁሉንም ያጠፋል፤ ይህ የሚደርሰው በተለይ “ጥቂት ገጾች ብቻ ይላኩ” ሲባል ነው። በአንድ ወረቀት ላይ አራት ወይም ስድስት ስላይድ በሚያሰፍር ቅርጽ ሲወጣም ማስፈንጠሪያዎቹ ለመትረፋቸው ዋስትና የለም። ገጽ ቀንሶ ማውጣት ደግሞ የድር ማስፈንጠሪያዎቹን ቢያተርፍም፣ ወደ ተቀነሰው ገጽ የሚወስደውን የማውጫ መስመር መድረሻ ያሳጣዋል።

ስለዚህ ዝርዝሩን የምጠይቀው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድ ጊዜ ስላይዱ እንደወጣ፣ አንድ ጊዜ የመጨረሻው ፋይል ሊላክ ሲል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ የመስመሮቹን ቁጥር ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቁጥሩ ካነሰ መካከል ላይ ያለው መሣሪያ ጥሏቸዋል። `pdfinfo` የሌለው ሰው ሐረጎቹና ምስሎቹ ላይ የመዳፊቱን ቀስት እያሳረፈ ወደ እጅ ምልክት መቀየሩን ይይ፤ አክሮባት ሪደር አድራሻውንም ከጎኑ ስለሚያሳይ ወዴት እንደሚወስድ ማንበብ ይቻላል።

ከዚያ ሥልጠና በኋላ የተስተካከለውን ፋይል ከመላኬ በፊት ለራሴ በዚያው የመልእክት መንገድ ላክሁት፤ በስልኬ አውርጄ ከፈትሁት፤ መጀመሪያ የነካሁት ሦስተኛውን ገጽ ሳይሆን አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ያለውን የካርታ ምስል ነበር። ካርታው ተከፈተ። ከዚያ ማውጫውን፣ ቅጹን፣ ሰንጠረዡን ተራ በተራ ነካሁ። ሰንጠረዡ የመለያ ስምና የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ፈቃዱን መስጠት ረስቼ ነበር፤ ተመልሼ ከፈትሁትና ላክሁት።